«ኩባያ» መስፈሪያ አይደለም፦ በተተረጎመ የምግብ አሠራር መልእክት ውስጥ ስለሚለወጡ ልኬቶች

አንድ ተርጓሚ በመልእክት መካከል ልኬት ሲያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ትርጉሙን ለአፍታ አቁሞ ወደ ሒሳብ ይዞራል። ሒሳቡን ይሠራል፣ ያገኘውን ቁጥር በቀድሞው ቦታ ይተካል፣ ከዚያም ወደ ቃላቱ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ልማድ መታረም አለበት የሚል ነው። ልኬትን መለወጥ ራሱ የትርጉም ሥራ ነው፤ ቁጥሩ በመልእክቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ትክክለኛው ልወጣ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልምና።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። በአሜሪካ የምትኖር አንዲት ሴት አዲስ አበባ ላለች እኅቷ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኦቨን ዶሮ ጥብስና ከጥብሱ ጋር የሚቀርብ ዳቦ አሠራር ላከች እንበል። ስለ ዶሮው የሚለው እንዲህ ነው፦ ኦቨኑ አስቀድሞ በ400 ዲግሪ ፋራናይት ይሙቅ፤ ዶሮው 20 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ይቀነስ፤ የሥጋው ውስጥ 165 ዲግሪ ሲደርስ ይውጣ። ለዳቦው ደግሞ ሁለት ተኩል «ከፕ» ዱቄት፣ አንድ «ከፕ» ወተት፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ «እስቲክ» የገበታ ቅቤና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ያስፈልጋል።

በዶሮው ክፍል ሦስት የሙቀት ቁጥሮች አሉ። አሃዳቸው አንድ ነው፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ፋራናይትን ወደ ሴንቲግሬድ ለመለወጥ 32 ተቀንሶ የቀረው በ5 ተባዝቶ ለ9 እንደሚካፈል ማንም ያውቃል። በዚህ ስሌት 400 ዲግሪ 204.4 ይሆናል። ይሁን እንጂ ማንም የቤት ኦቨን 204.4 ላይ አይቆምም፤ የላኪዋም 400 «እዚያ አካባቢ» ማለት እንጂ ከዚያ የጠበቀ ነገር አልነበረም። እዚህ ላይ 200 ብሎ መጻፍ ለምንጩ ታማኝ መሆን ነው። 204.4 የሚለው ቁጥር በተቃራኒው ላኪዋ ያላሰበችውን ጥብቅነት በአንደበቷ ያስገባል፤ ተቀባይዋም የኦቨኑን መዞሪያ ይዛ የአሥረኛ ዲግሪ ክፍልፋይ ፍለጋ ትገባለች።

ሁለተኛው ቁጥር ከሁሉም ይልቅ አሳሳች ነው። «በ50 ዲግሪ ይቀነስ» የሚለው ሐረግ የሙቀት ደረጃን ሳይሆን በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለውን ልዩነት ይናገራል። 32 የሚቀነሰው የሁለቱ መለኪያዎች መነሻ ስለሚለያይ ነው፤ ልዩነት ግን መነሻ የለውም፤ ስለዚህ 50 በቀጥታ በ5 ተባዝቶ ለ9 ይካፈላል፤ ውጤቱም 28 ገደማ ነው። ተርጓሚው በልማድ 32ን ከቀነሰ የሚያገኘው በትክክል 10 ነው። ጉዳቱ ያለው በዚሁ ቁጥር ማማር ላይ ነው። ሐረጉ «በ25 ዲግሪ» ቢል ኖሮ ያው የተሳሳተ ስሌት ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ሰጥቶ ተርጓሚውን ባስደነገጠው ነበር። 10 ግን ማንንም አያስደነግጥም፤ አራሚም አይቶት ያልፋል። ውጤቱ ኦቨኑ ከ200 ወደ 190 ብቻ እንዲወርድ ማድረግ ነው፤ በምንጩ ሐሳብ ግን ወደ 175 አካባቢ መውረድ ነበረበት። ቆዳው ጠቁሮ ውስጡ ያልደረሰ ዶሮ ሲወጣ ተቀባይዋ የምትወቅሰው ኦቨኗን ወይም እኅቷን እንጂ ትርጉሙን አይሆንም። ይህን ስሕተት ለመያዝ ቀላሉ መንገድ ልዩነቱን ጨርሶ አለመለወጥ ነው፦ በምንጩ ቋንቋ 400 ሲቀነስ 50፣ 350 ይሆናል፤ 350ን እንደ ደረጃ መለወጥ 177 ይሰጣል፤ በትርጉሙም «ወደ 175 ዲግሪ ዝቅ ይደረግ» ተብሎ ይጻፋል።

ሦስተኛው ቁጥር፣ 165፣ ከሁለቱም ይለያል። ይህ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የዶሮ ሥጋ ውስጡ ሊደርስበት ይገባል ብሎ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ሙቀት ነው። ስሌቱ 73.9 ይሰጣል። ቀደም ሲል 204.4ን ወደ 200 ያወረደ ተርጓሚ በዚያው እጁ ይህንንም ወደ 70 ቢያወርደው መመሪያው ያላለውን አለ ማለት ነው። ወለል የሆነ ቁጥር ወደ ላይ ብቻ ይጠጋጋል፤ 74 መባል አለበት፤ 75 ቢባልም ጉዳት የለውም። እንግዲህ በሦስት መስመር መልእክት ውስጥ፣ በአንድ አሃድ የተነገሩ ሦስት ቁጥሮች ሦስት የተለያየ አያያዝ ጠየቁ። «ሁሉንም ወደ አምስት ቤት አጠጋጉ» ወይም «ሁሉንም እስከ አንድ አሥረኛ ጻፉ» የሚል አንድ ወጥ ደንብ ለዚህ አይበቃም፤ እንዲህ ያለው ደንብ ሥራን ያፋጥናል፣ ንባብን ግን ያስቀራል።

ወደ ዳቦው ስንመጣ ችግሩ ከቁጥሩ ወደ ቃሉ ይሸጋገራል። የአሜሪካው «ከፕ» 237 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ የታወቀ መስፈሪያ ነው። መዝገበ ቃላት ግን «ኩባያ» ይለዋል፤ ኩባያም በአማርኛ የዕቃ ስም እንጂ የመስፈሪያ ስም አይደለም። «ሁለት ተኩል ኩባያ ዱቄት» የሚለውን ያነበበች ሴት ከመደርደሪያዋ ያለውን ኩባያ ታነሣለች። ኩባያዋ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቢሆን ዱቄቱ ከ300 ግራም ወደ 380 ግራም ያድጋል።

«ሁሉም በዚያው ኩባያ ከተሰፈረ ምን ቸገረ? ዳቦው ይተልቃል እንጂ አይበላሽም» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ሁሉም ነገር በኩባያ በሚሰፈርበት አሠራርም እውነትነት አለው። በያዝነው መልእክት ግን በኩባያ የሚሰፈሩት ዱቄቱና ወተቱ ብቻ ናቸው። እንቁላሎቹ ሁለት እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ቅቤው 113 ግራም እንደሆነ ይቀራል፤ ቤኪንግ ፓውደሩም ከአንድ ማንኪያ አያልፍም። መጀመሪያ ላይ ቅቤው ከዱቄቱ ክብደት ከመቶ 38 ያህል ነበር፤ አሁን ወደ 30 ወረደ። ዳቦው የሚደርቀውና የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ነው። ቃል በቃል የተላለፈው «ኩባያ» የለወጠው መጠኑን ብቻ አይደለም፤ በዕቃዎቹ መካከል ያለውን ምጣኔም ነው፤ የዳቦ አሠራር ደግሞ በዋናነት ምጣኔ ነው።

ስለዚህ ዱቄቱን በግራም መጻፍ የተሻለ ይመስለኛል። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ «ከፕ» የይዘት፣ ግራም የክብደት ልኬት ስለሆነ ሁለቱን የሚያገናኘው የሚሰፈረው ነገር ነው። አንድ «ከፕ» ስኳር 200 ግራም ያህል ሲመዝን፣ አንድ «ከፕ» ዱቄት በማንኪያ ተጨምሮ ከተሰፈረ 120 ግራም ገደማ ነው፤ በመስፈሪያው ታፍሶ ከተጠቀጠቀ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። «አውንስ» የሚለው ቃል ይህንኑ ችግር ያብሰዋል፤ እንግሊዝኛው ለክብደትም ለፈሳሽ ይዘትም ይጠቀምበታልና። ስምንት አውንስ ወተት በየትኛውም ቢተረጎም ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ስምንት አውንስ ዱቄት ግን በክብደት 227 ግራም ሲሆን፣ በይዘት ከተወሰደ 120 ግራም ገደማ፣ ማለትም ግማሽ ያህሉ ይሆናል። ተቀባይዋ ሚዛን ከሌላት ተርጓሚው «237 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መስፈሪያ» ብሎ ቢጽፍላት፣ በቤቷ ባለ ምልክት ያለው ጡጦ ወይም የላስቲክ ጠርሙስ ልትለካው ትችላለች።

ቁጥሩ ጨርሶ መጥፋት ያለበት ጊዜም አለ። አሠራሩ «ውሃው 212 ዲግሪ ይድረስ» ቢል ትክክለኛው ልወጣ 100 ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ በዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክፍት ድስት ውስጥ ቴርሞሜትር ነክራ 100ን የምትጠብቅ ሴት ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። የ212 ሥራ «ይፍላ» ማለት ነበር፤ በአማርኛም «እስኪፈላ ይጠበቅ» ማለት ይበቃል።

በጭነት መልእክት ውስጥ ተመሳሳይ ጥያቄ የሚነሣው በጣሪያ ቁጥር ላይ ነው። ያቺው እኅት በመንገደኛ እጅ ሻንጣ ለመላክ አስባ «ከ50 ፓውንድ እንዳይበልጥ» ብትል ልኩ 22.68 ኪሎ ግራም ነው። አየር መንገዶች በሰነዶቻቸው 50 ፓውንድና 23 ኪሎን ጎን ለጎን ስለሚጽፉ ብዙ ተርጓሚዎች ሳያመነቱ 23 ይላሉ። ይህ ልወጣ አይደለም፤ አየር መንገዱ ራሱ የወሰነው ሁለተኛ ገደብ ነው። በእጃችን ያለው መልእክት 23ን ከጠቀሰ 23 እንጽፋለን። 50 ፓውንድን ብቻ ከጠቀሰ ግን ጣሪያ ስለሆነ ወደ ታች ተጠጋግቶ 22.5 ኪሎ መባል አለበት፤ «50 ፓውንድ» የሚለውም በቅንፍ ይቆይ፤ ሻንጣው በመጨረሻ የሚወጣበት ሚዛን የሚያነበው ፓውንድ ነውና። በምግብ አሠራር ውስጥ ምንጩን በቅንፍ ማስቀረት አንባቢን ማድከም ነው፤ ገደብ በሚነገርበት ቦታ ግን ዋስትና ነው።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ፈተናው ይገለበጣል። ለልጇ የዶሮ ወጥ አሠራር የምትልክ እናት «ሁለት ጭልፋ ቅቤ»፣ «አንድ ጣሳ በርበሬ»፣ «እፍኝ የማይሞላ ጨው» ትላለች። እፍኙ እፍኝ ሆኖ ይተርጎም፤ የጨው ግምት ወደ ግራም ሲለወጥ እናትየዋ ያልሰጠችውን ትእዛዝ ይሆናል። ጭልፋውም ግምት ነው፤ ትንሽ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ወጡ ይችለዋል። ጣሳው ግን እንደዚያ አይታለፍም። ጣሳ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሊሆን ይችላል፣ የዱቄት ወተት ጣሳም ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሚበላና ለማይበላ ወጥ ይበቃል። ይህን የሚፈታ ስሌት የለም፤ ተርጓሚው ወደ እናትየዋ ተመልሶ ጣሳው የምን ጣሳ እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል።