ስም መሰረዝ ቁልፍ መቀየር አይደለም

የኮንትራት ፕሮግራመር ሥራውን ሲያጠናቅቅ ስሙን ከኮድ ማከማቻው መሰረዝ በቂ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን አይበቃም። በመቐለ ቃላሚኖ የሚሠራ አንድ አነስተኛ የምርምር ቡድን ለሦስት ሳምንት ባለሙያ ቀጠረ እንበል።

ማከማቻው በጊትሃብ ላይ በግለሰብ መለያ የተከፈተ ከሆነ፣ በተባባሪነት የሚገባ ሰው ሁሉ የመጻፍ ፈቃድ ያገኛል፤ የማንበብ ፈቃድ ብቻ መስጠት አይቻልም። በድርጅት መለያ ሥር ግን ፈቃዱ በደረጃ የተከፈለ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ማከማቻውን አስቀድሞ ወደ ድርጅት መለያ ሊያዛውርና ባለሙያውን ለዚያ ማከማቻ ብቻ በውጭ ተባባሪነት ሊያስገባ ይገባል።

ሆኖም `Write` የተሰኘው ፈቃድ ከስሙ ይሰፋል። ፈቃዱን የያዘ ሰው በራሱ የሚሠራ የትእዛዝ ፋይል ጽፎ፣ በማከማቻው በምስጢር የተቀመጡትን የሰርቨርና የዳታቤዝ ቶክኖች ሊያወጣ ይችላል። ቶክን የያዘውን ሰው ማንነት አይጠይቅም፤ ስሙ ከተሰረዘ በኋላም ይሠራል። ባለሙያው ታማኝ ቢሆን እንኳ ኮምፒውተሩ ሊሰረቅ ይችላል።

በመሆኑም በስንብቱ ቀን ስሙ ይሰረዝ፤ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ምስጢር አዲስ ቶክን ይውጣ፣ በሰርቨሩ ይተካ፣ አገልግሎቱ መሥራቱ ይረጋገጥ፣ በመጨረሻም አሮጌው ይሻር። አሮጌው ካልተሻረ ቁልፍ ተጨመረ እንጂ አልተቀየረም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በአሮጌው የጊትሃብ ቶክን ጥያቄ ሲላክ መልሱ `401` ሊሆን ይገባል።

በባለሙያው ኮምፒውተር የቀረውን የኮድ ቅጂ ግን ይህ ሁሉ አይመልስም፤ እርሱን የሚገዛው ውልና ሕግ ነው።