ቤዝ ኬዝ ስላለው ብቻ ይቆማል?

የሰው ኮድ ስገመግም ሪከርሲቭ ፈንክሽን ካየሁ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቤዝ ኬዙ ነበር። እሱን ካገኘሁ «ይሄ ይቆማል» ብዬ ወደሚቀጥለው መስመር አልፋለሁ። ትምህርት ቤትም የተማርነው እንደዚያ ነው፤ ቤዝ ኬዝ ከሌለው ራሱን ሲጠራ ይኖራል፣ ካለው ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ልክ አይደለም፤ ይህን የተረዳሁት ራሴ በጻፍኳት አራት መስመር ኮድ ነው።

ኮዷ የግዕዝ ቁጥር የምታዘጋጅ ነበረች። 2017ን ፳፻፲፯ ብሎ ለመጻፍ ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረጉ መቁረጥ ያስፈልጋል። 20 እና 17 ይወጣሉ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥንድ ምልክቱን ጽፎ በመሃል እንደ ቦታው ፻ ወይም ፼ ማስገባት ነው። መቁረጡን በፓይተን እንዲህ ጻፍኩት፦

```python
def pairs(n):
    if n == 0:
        return []
    return pairs(n // 100) + [n % 100]
```

2017 ሲገባ 17ን ይዞ 20ን ያስተላልፋል፤ 20 ሲገባ 20ን ይዞ 0ን ያስተላልፋል፤ 0 ላይ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል። ሦስት ጥሪ ብቻ ነው። ግዕዝ ዜሮ ስለሌለው ባዶው ዝርዝር እንዲያውም ያማረ መስሎኝ ነበር።

ይህን ኮድ ቀን በሚቀይር ገጽ ላይ አስገባሁት። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ለመመለስ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ይቀነሳል። አንድ ተጠቃሚ የዓመቱን ሳጥን ባዶ ትቶ ቁልፉን ሲጫን፣ ባዶውን 0 ብሎ የሚያነበው የእኔው ኮድ 8 ቀነሰና -8ን ለ`pairs` አቀበለ። ገጹ በ`RecursionError` ወደቀ።

ምን ሆነ? በፓይተን `//` ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚያጠጋጋው። -8 ለ100 ሲካፈል -0.08 ነው፤ ወደ ታች ሲጠጋጋ ደግሞ -1 ይሆናል። -1 ለ100 ሲካፈል -0.01 ነው፤ እሱም ወደ ታች ሲጠጋጋ ያው -1 ነው። ከዚያ በኋላ -1፣ -1፣ -1 እያለ ይቀጥላል። ቤዝ ኬዙ በቦታው አለ፣ ቁጥሩ ግን እዚያ አይደርስም።

ይህንኑ ኮድ ወደ ጃቫ ብንገለብጠው ይቆም ነበር። የጃቫ የሙሉ ቁጥር ማካፈል ወደ ዜሮ ስለሚያጠጋጋ -8 ለ100 ሲካፈል 0 ይሰጣል። ቤዝ ኬዙ አንድ፣ አካሄዱም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው አይቆምም። ልዩነቱ ያለው በማካፈያው ምልክት ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ስገመግም እዚያ አላይም ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ታዲያ ቆመ አይደል እንዴ? ፓይተን ራሱ አስቆመልህ» አለኝ። እውነት ነው፣ የፓይተን የጥሪ ጥልቀት ገደብ ሳይነካ ከተተወ 1000 ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ስህተት ይጥላል። ይህ ግን የፈንክሽኑ ዋስትና ሳይሆን የሰፈር ዘበኛ ሥራ ነው። ዘበኛው ሁሉም ቦታ የለም። ያንኑ ኮድ «ለፍጥነት» ብለን ወደ `while n != 0` ብንቀይረው የጥልቀት ገደብ የሚባል ነገር አያገኘውም። በእያንዳንዱ ዙር 99 ወደ ዝርዝሩ እየጨመረ (በፓይተን `-1 % 100` 99 ነው) ሜሞሪ እስኪያልቅ ይሄዳል። ያኔ የሚታየው ግልጽ የስህተት መልእክት ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚታነቅ ሰርቨር ነው። ለዚህ ነው ያን `RecursionError` እንደ ውለታ የምቆጥረው።

የመጀመሪያው ጥገናዬ ደግሞ ከበሽታው የባሰ ነበር። ቤዝ ኬዙን አሰፋሁት፦ `if n < 100: return [n]`። አሁን ማንኛውም አሉታዊ ቁጥር ወዲያው ይቆማል። ሞከርኩት፣ ቆመ። ገጹ ላይ የወጣው ዓመት ግን ፺፪ ሆነ። -8ን ወደ አሥርና አንድ ቤት ስከፍለው አሥሩ -1፣ አንዱ 2 ይወጣል፤ ፓይተን ደግሞ በዝርዝር ላይ -1ን «የመጨረሻው» ብሎ ስለሚያነበው ከአሥሮቹ መጨረሻ ፺ን አመጣልኝ። ባዶ ሳጥን 92 ዓመተ ምሕረት ሆኖ አረፈ፣ ስህተት ብሎ የሚጮህም የለም። ለተጠቃሚው የሚወድቅ ገጽ ከዚህ ይሻለው ነበር።

ስለዚህ አሁን ስገመግም የምጠይቀው «ቤዝ ኬዝ አለው ወይ?» ብዬ ሳይሆን «በእያንዳንዱ ጥሪ የሚያንሰው ምንድን ነው? እስከ ምን ድረስስ ነው የሚያንሰው?» ብዬ ነው። ለ`pairs` መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል። n ሙሉ ቁጥር ሆኖ 1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ `n // 100` ከ n ያንሳል፣ ከዜሮ በታች ግን አይወርድም። ከዜሮ በታች የማይወርድ ሙሉ ቁጥር ደግሞ ያለማቋረጥ ሊያንስ አይችልም፤ ስለዚህ 0 ላይ ይደርሳል። -1 ላይ ይህ ሐሳብ ወዲያው ይሰበራል፤ ቁጥሩ አያንስምና። ፈተናውን ወረቀት ላይ ብሠራው ኖሮ ስህተቱን ተጠቃሚው ሳይሆን እኔ አገኘው ነበር።

«ሙሉ ቁጥር» ያልኩትም ለማሳመር አይደለም። በጃቫስክሪፕት `Math.floor`ን ረስተን በተራ `/` ብናካፍል 2017 ወደ 20.17፣ ከዚያ ወደ 0.2017፣ ከዚያ ወደ 0.002017 ይወርዳል። በየጊዜው ያንሳል፣ ዜሮ ግን አይሆንም። በሂሳብ መቼም አይደርስም፤ በኮምፒውተሩ ላይ ከ160 ጥሪ በላይ ሄዶ የሚደርሰው ቁጥሩ ማሽኑ ሊይዘው ከሚችለው በታች ስለሚያንስ ብቻ ነው። ማነስ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያንሰው ነገር ደረጃ በደረጃ የሚወርድና ወለል ያለው መሆን አለበት።

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ አለው ማለቴ አይደለም። n ተጋማሽ ከሆነ ለ2 አካፍል፣ ካልሆነ በ3 አባዝተህ 1 ደምር፣ 1 ላይ ቁም የሚለውን የኮላትዝ ፈንክሽን ውሰዱ። ቤዝ ኬዙ ግልጽ ነው። ከ27 ብትነሱ ግን እስከ 9232 ወጥቶ በ111 እርምጃ ነው 1 ላይ የሚደርሰው። ለማንኛውም አዎንታዊ ሙሉ ቁጥር ይደርሳል ወይ ለሚለው እስከ ዛሬ ማረጋገጫ ያቀረበ የለም፤ የሚያንሰውን ነገር ያገኘለት ሰው ስለሌለ ነው። አለን ቱሪንግ በ1936 ባሳተመው ሥራ ምክንያትም ለማንኛውም ፕሮግራም «ይቆማል» ወይም «አይቆምም» ብሎ ሁልጊዜ በትክክል የሚፈርድ አንድ ወጥ ዘዴ እንደማይኖር እናውቃለን።

የዕለት ሥራችን ግን አብዛኛው ኮላትዝ አይደለም። እንደ ዳፍኒ ያሉ ቋንቋዎች የሚያንሰውን በ`decreases` እንድንጽፍ ያስችላሉ፤ እንደሚያንስ ማረጋገጥ ካልቻሉ ኮዱን አይቀበሉም። በፓይተን ያን የሚያደርግልን ስለሌለ እኔ አስተያየት አድርጌ እጽፈዋለሁ። `pairs` ዛሬ ቤዝ ኬዙ እንደ መጀመሪያው `n == 0` ነው። ከላዩ ያለው ፈንክሽን ግን n ሙሉ ቁጥር ካልሆነ ወይም ከ1 ካነሰ `ValueError` ይጥላል፤ ሳጥኑም ባዶ ሲሆን 0 ተብሎ መነበቡ ቀርቶ «ዓመቱን ያስገቡ» ይላል።