«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ አለቃዬ

የዛሬዋ ጠያቂያችን በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ የ24 ዓመት ወጣት ነች። የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። እንዲህ ትላለች፦

«ስለ አንድ ኮንቴይነር በዘጠኝ ቀን ውስጥ 31 ኢሜይል ተጻጻፍን። አለቃዬ መንገድ ላይ ስለነበሩ "አሳጥረሽ ላኪልኝ" አሉኝ። ሌሊቱን ስጽፍ አድሬ ማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ጀምሬ በሁለት ገጽ ላክሁላቸው። ረቡዕ ዕለት "ታዲያ ምን ላድርግ?" ብለው መለሱ። "እስከ ሐሙስ 11 ሰዓት ይወስኑ" አልኳቸው። ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ ወሰኑ፤ ግን ጓንዡ ያለው ላኪ ቢሮውን ዘግቶ ሄዷል። ነገሩ ለሰኞ አደረና ዲመሬጅ ከፈልን። ጥፋተኛዋ እኔ ተባልኩ። እውነት ጥፋቱ የኔ ነው?»

እህቴ፣ ከፊሉ ያንቺ ነው። ግን በቀላሉ የሚታረም ነው።

የላክሽው ታሪክ ነው። አለቃሽ የፈለጉት ግን ዛሬ ነገሩ የት እንደቆመና ከእሳቸው ምን እንደሚጠበቅ ነበር። በስልክ የሚያነብ ሰው ያንን ፍለጋ ሁለተኛው ገጽ ድረስ አይወርድም።

በመጀመሪያ ኢሜይሎቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ አንብቢ። ከላይ ያለው የመጨረሻው ነው ብለሽ አትመኚ፤ አንዱ ለድሮ መልእክት ሲመልስ ክሩ ለሁለት ይሰነጠቃል። በላክሽልኝ ቅጂ ትራንዚተሩ «ነጻ ቀናቱ ቅዳሜ ያበቃሉ» ያለው ለሒሳብ ክፍል ብቻ በጻፈው መልስ ውስጥ ነው። ያቺ መስመር ከሁለቱ ገጽሽ ውስጥ የለችም። ዋናዋ ግን እሷ ነበረች።

ስታነቢ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ብቻ ለይተሽ ያዢ፦ ያለቀው፣ ያላለቀው፣ ላላለቀው ደግሞ ተራው የማን እንደሆነ። እዚህ ላይ «አድርጌአለሁ» እና «አደርጋለሁ» እንዳይምታቱብሽ። ላኪው «በአንድ ቀን ያልቃል» ማለቱ ተስፋ ነው፤ የመርከብ ድርጅቱ ማረጋገጫ አልመጣም። አንቺ ግን እንዳለቀ አድርገሽ ጽፈሽዋል።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ላኪው «ሐሙስ 5 ፒኤም» ያለው በራሱ ሰዓት ነው። ቻይና ከኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ ያ በኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓት ነው። አንቺ በቀጥታ 11 ሰዓት ብለሽ ገለበጥሽው፤ አለቃሽም በቂ ጊዜ ያላቸው መሰላቸው። ቀጠሮ ስትጽፊ ሁልጊዜ በአንባቢው ሰዓት አስልተሽ «ቀን» ወይም «ማታ» በይበት።

እኔ ብሆን ማክሰኞ ይህችን እልክ ነበር፦

«ርዕስ፦ ኮንቴይነሩ፤ ውሳኔዎ እስከ ሐሙስ ቀን 6 ሰዓት ይፈለጋል።
ከእርስዎ የሚፈለገው፦ ከሰነድ ማስተካከያው 150 ዶላር ግማሹን፣ 75 ዶላር፣ እንክፈል ወይስ አንክፈል?
አሁን ያለበት፦ ዕቃው ጅቡቲ ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ 421 ካርቶን፣ ፓኪንግ ሊስቱ 412 ይላል። ላኪው ትክክሉ 412 መሆኑን በጽሑፍ አምኗል።
ካልወሰንን፦ ነጻ ቀናቱ ቅዳሜ ያበቃሉ፤ ከዚያ በየቀኑ ዲመሬጅ ይቆጠራል (ትራንዚተሩ፣ ሰኞ የጻፈው)።
ያልተረጋገጠ፦ ላኪው በአንድ ቀን ያልቃል ይላል፤ የመርከብ ድርጅቱ አላረጋገጠም።
የኔ ሐሳብ፦ ከፍለን ብንገላገል ይሻላል።
ይህ እስከ ማክሰኞ ቀን 10 ሰዓት የገቡትን ኢሜይሎች ይዟል።»

እዚህ ውስጥ ሒሳብ ክፍሉና ትራንዚተሩ የተሰዳደቡበት የለም። ለውሳኔው አይጠቅምማ! በቅንፍ ያለው «ማን፣ መቼ» ግን አይቅር፤ አለቃሽ ከተጠራጠሩ ያቺን አንዷን ኢሜይል ብቻ ከፍተው ያዩታል። የመጨረሻዋም መስመር ላንቺ መከላከያ ናት፤ ማታ አዲስ ነገር ቢመጣ «ደበቅሽኝ» አይሉሽም።

ከመላክሽ በፊት አንድ ፈተና አለ። ጉዳዩን ለማታውቅ ጓደኛሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ብቻ አንብቢላት። «ስለዚህ ሰውዬው እስከ መቼ ምን ይበሉ?» በያት። ከመለሰችልሽ ላኪው። ካልመለሰች አለቃሽም አይመልሱልሽም።

ለአሁኑ ግን ሰዓቱን የተሳሳትሽው አንቺ መሆንሽን ሳትሸሺ ንገሪያቸው። ቀጣዩንም ማስታወሻ ሳይጠይቁሽ በዚህ መልክ ላኪላቸው።