ለባትሪ ዘፋኝ ምን ያደርጋል?

በአዲስ አበባ ማስታወቂያ የሚሠሩ ሰዎች የትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን የሚያከብረው አንድ ሕግ አላቸው። ደንበኛ ሁለት ዓይነት ነው ይላሉ፤ የተማረና ያልተማረ። ለተማረው ዝርዝር መረጃ፣ ላልተማረው ታዋቂ ፊት። በጀቱ ለሁለት ማስታወቂያ ካልበቃ ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ያጭቋቸዋል፦ መሃል ላይ ፈገግ ያለ ዘፋኝ፣ ከግርጌው ደግሞ በደቃቅ ፊደል የተደረደረ ሙገሳ። ነጋዴውም “ሁሉንም አዳረስኩ” ብሎ ደስ እያለው ይከፍላል። እኔ ግን አከፋፈሉም ቅልቅሉም ስህተት ነው እላለሁ። ይህን ለማየት ደግሞ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ሶማሌ ተራ ካሉት የመኪና ዕቃ ሱቆች አንዱ በር ላይ ትንሽ መቆም ይበቃል።

የመኪና ባትሪ እንውሰድ። ማለዳ መኪናው አልነሳ ያለው የሚኒባስ ባለቤት ይመጣል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ሊሆን ይችላል። “70 አምፔር ነው የምፈልገው፤ የተመረተበትን ቀን አሳየኝ” ይላል። ባትሪውን ገልብጦ አካሉ ላይ የተመታውን ቁጥር ይፈልጋል። ቮልቱ በሜትር ካልተለካ እጁ ኪሱ አይገባም። ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነ፣ ቢበላሽ ማን እንደሚመልስለት፣ አሮጌው በስንት እንደሚታሰብለት አንድ በአንድ ይጠይቃል። ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው የቢሮ ሰው ገብቶ “ጥሩ የሚባለውን ስጠኝ፤ ያ በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቁት አለ አይደል?” ቢል የሱቁን ልጅ አይገርመውም። በማስታወቂያ ሰዎቹ ሕግ ዝርዝር የተደገሰው ለሁለተኛው፣ ዘፋኙ ደግሞ ለመጀመሪያው ነበር።

ይህን ነገር አሜሪካዊዎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሪቻርድ ፔቲና ጆን ካቾፖ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ሲያጠኑት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው አስረድተውታል። ሞዴላቸው “ኢላቦሬሽን ላይክሊሁድ” ይባላል፤ ሰው የቀረበለትን መልእክት ምን ያህል ያብሰለስለዋል የሚል ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ሰው ሐሳቡን የሚለውጥባቸው ሁለት መንገዶች አሉ ይላሉ። በዋናው መንገድ የሚሄደው የቀረበለትን ምክንያት ይመዝናል፤ ጠንካራ ከሆነ ይቀበላል፣ ደካማ ከሆነ ይጥላል። በዳር መንገድ የሚሄደው ምክንያቱን ሳይነካ በምልክት ይወስናል፤ ተናጋሪው ታዋቂ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ብዙ ተናግሯል፣ ሌላውም ሰው ገዝቷል እያለ። የትኛውን መንገድ እንደሚይዝ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ለማሰብ ያለው ፍላጎትና በዚያች ሰዓት ለማሰብ ያለው አቅም። ዕውቀት ከአቅም አንዱ ነው እንጂ ብቻውን አይወስንም። ባትሪው ካልሠራ የዕለት ገቢው የሚቀርበት ሰው ፍላጎት አለው፤ ባትሪ ሲሸጥና ሲለወጥ እያየ ስለኖረም አቅሙ አለው። ባለ ዲግሪው ሁለቱም ላይኖሩት ይችላሉ።

ሞዴሉን ለማስታወቂያ ሥራ ያቀረበው ሁለቱ ከዴቪድ ሹማን ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ሙከራ ነው። ለ160 ተማሪዎች የማስታወቂያ ጥራዝ ሰጧቸው፤ ከማስታወቂያዎቹ መካከል የፈጠራ የጢም ምላጭ ነበረበት። ለግማሾቹ ምላጩ በቅርቡ በአካባቢያቸው እንደሚሸጥ፣ በስጦታም አንድ ምላጭ መርጠው እንደሚወስዱ ተነገራቸው። ለሌሎቹ ምላጩ ሩቅ ከተማ እንደሚሸጥ፣ ስጦታቸውም የጥርስ ሳሙና እንደሆነ ተነገራቸው። ከዚያ ማስታወቂያውን እያለዋወጡ አሳዩአቸው። አንዳንዱ ላይ ዝነኛ ስፖርተኞች፣ አንዳንዱ ላይ ማንም የማያውቃቸው የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ነበሩ። አንዳንዱ ምላጩ በንጽጽር ሙከራ የበለጠ ጥሩ እንደላጨና እጀታው እንደማያንሸራትት የሚናገር ጠንካራ ምክንያት ይዟል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምላጩ በልዩ ልዩ ቀለም እንደሚገኝና ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ የሚናገር ውሃ የማይቋጥር ምክንያት።

ጉዳዩ የማያገባቸው ተማሪዎች ዝነኛውን ሲያዩ ምላጩን ወደዱት። ጉዳዩ የሚነካቸው ግን ምክንያቱን መዘኑ፤ ዝነኛው ሰው ለውጥ አላመጣባቸውም። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገን የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የለያቸው ነገሩ የሚመለከታቸው መሆን አለመሆኑ ብቻ ነው። የማስታወቂያ ሰዎቻችን ሊያነቡት የሚገባ ሌላም ውጤት አለ። ትገዛላችሁ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ዝነኛውን ያዩትና ያላዩት መልሳቸው አልተለያየም። ዝነኛው ያስወደደው በሩቁ ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ተመልካች ማለት ሁለት ዓይነት ሰው ማለት አይደለም። ያው አንድ ሰው በሁለት ቀን ነው። የቢሮው ሰው ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ሰሌዳውን ሲያይ ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ዘፋኙን አይቶ ፈገግ ይላል፣ ያልፋል። ባትሪው የሚሞተው ምናልባት ከዓመት በኋላ ነው። ያን ዕለት ተክለ ሃይማኖት ሲደርስ ብሩ ከኪሱ የሚወጣ ስለሆነ እሱም መጠየቅ ይጀምራል፤ ካላወቀበትም የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይዞ ይመጣል። ፔቲና ካቾፖ እንደሚሉት ደግሞ በዳር መንገድ የገባ መውደድ ቶሎ ይረሳል፣ ሌላ ሰው ሲከራከረውም ይሸነፋል። ኤሌክትሪሺያኑ “ተው፣ ይሄ አይረባም” ሲለው ለመመለስ የሚያስችል አንድም ምክንያት ዘፋኙ አላስያዘውም። ነጋዴው ገንዘቡን ያፈሰሰው ደንበኛው በማይገዛበት ቀን ላይ ነው።

ቅልቅሉስ? “ፊቱም ዝርዝሩም አለ፤ ሁሉም የድርሻውን ያንሣ” የሚለው? ችግሩ ከዘፋኙ በታች የሚጻፈው ነገር ነው። “ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ”፣ “በዘመናዊ ቴክኖሎጂ የተመረተ”፣ “አስተማማኝ ጥራት”፣ “የደንበኞች ምርጫ”። እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ሌላ ጥናት ሁለቱ ተመራማሪዎች ሦስት ምክንያትና ዘጠኝ ምክንያት የያዙ መልእክቶችን አወዳደሩ። ጉዳዩ የማይነካው ሰው ምክንያቱ ጠንካራም ሆነ ደካማ ዘጠኝ ሲሆን ይበልጥ ተስማማ፤ “ብዙ ብለዋል፣ እውነት ነው” ብሎ። ጉዳዩ የሚነካው ግን ዘጠኝ ደካማ ምክንያት ሲደረደርለት ከሦስቱ ይልቅ ይበልጥ ራቀ። ስለዚህ ለጠንቃቃው ተብሎ በደቃቁ የተጻፈው ሙገሳ የሚያርቀው ያንኑ ጠንቃቃ ነው። የሚኒባሱ ባለቤት ሰሌዳውን እስከ ግርጌው ካነበበ በኋላ አምፔሩን እንኳ ካላገኘው፣ የሚደብቁት ነገር አለ ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ከሱቁ ደጃፍ ማይክራፎኑ ደግሞ አለ። የተቀዳ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፣ ጎን ያለው ሱቅ ድምፁን ይጨምራል። ፔቲ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመው ጥናት ይህ ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። የሚሰማው ሰው ሐሳቡ ሲበታተን ጠንካራ ምክንያት ኃይሉን ያጣል፤ ደካማው ግን ይጠቀማል፣ የሚመረምረው የለምና። ጩኸት የመጥፎ ዕቃ ወዳጅ ነው። ጥሩ ባትሪ ይዞ የሚጮህ ነጋዴ ለጎረቤቱ እየሠራለት ነው።

ታዋቂ ሰው ፈጽሞ አይሠራም እያልኩ አይደለም። ለማስቲካ፣ ለለስላሳ፣ ሰው ቆሞ ለማያስብበት ዕቃ ዘፋኝ ይበቃዋል፤ ምልክቱን ያየበትና የሚገዛበት ሰዓት ተቀራራቢ ነው፣ ቢሳሳትም የሚያጣው ጥቂት ብር ነው። ከዚያም በላይ ሞዴሉ የሚለው አንድ ነገር ነጋዴዎቻችን ያልተጠቀሙበት ነው፦ ያው አንድ ነገር ለአንዱ ምልክት፣ ለሌላው ምክንያት ሊሆን ይችላል። የሻምፑ ማስታወቂያ ላይ ያለች ሴት ጸጉር ለሚያልፈው ሰው ውበት ነው፤ ለሚመረምረው ደግሞ የሻምፑው ማስረጃ። አንድ መልእክት ለሁለት ዓይነት ተመልካች መሥራት የሚቻለው በዚህ በር ብቻ ነው። ሁለት ነገር ከመደርደር ይልቅ ሁለት ሥራ የሚሠራ አንድ ነገር መፈለግ።

ለባትሪው እንሞክረው። ዘፋኙን እናውርደው። በቦታው እጁ ግራሶ የነካው፣ ዕድሜው የገፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይቁም። ለሚያልፈው ሰው “ባለሙያ የሚይዘው ነው” የሚል ምልክት ይሆናል፤ ለሚመረምረው ደግሞ ባትሪ የሚያውቅ ምስክር ነው። በእጁ ሜትር ይያዝ፤ ሜትሩ ላይ 12.6 በትልቁ ይታይ። የሚያልፈው ሰው ቁጥሩ ባይገባውም የተለካ ነገር መሆኑን ያያል። የሚያውቀው ግን ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 አካባቢ እንደሚያሳይ፣ 12.2 ከወረደ ግማሹ እንዳለቀ ያውቃል። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ይጻፍ፦ “ከመግዛትዎ በፊት የተመረተበትን ቀን ይዩ፣ ያስለኩ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሞተ ይዘውት ይምጡ፣ አዲስ እንሰጣለን።”

የቀኑ ነገር ለምን ተጻፈ? የእርሳስና የአሲድ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ቻርጁን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። ሳይሞላ ብዙ ወር የቆየ ባትሪ ውስጥ ያሉት ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጠነክርና አዲስ ተብሎ የተሸጠው ያረጀ ሆኖ ይገኛል። የቀኑ ጥሪ ለጠንቃቃው ክብደት ያለው ምክንያት ነው፤ ለማይጠነቀቀውም ባትሪው በሞተበት ዕለት ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ ያስይዘዋል። ዋስትናውም እንዲሁ ነው፤ ለአንዱ የልበ ሙሉነት ምልክት፣ ለሌላው የሚሰላ ጥቅም። እርግጥ ይህን መጻፍ የሚችለው ትኩስ ባትሪ የሚያስገባና ቃሉን የሚያከብር አስመጪ ብቻ ነው። ከቀኑ የሚሸሽ አስመጪ ዘፋኝ ቢቀጥር ይገባኛል።

ረቂቁ መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም። ሁለት ዓይነት ረቂቅ ይዘጋጅ፤ ሥዕሉ አንድ፣ ምክንያቱ ግን በአንዱ ጠንካራ፣ በሌላው “ዓለም አቀፍ ደረጃ” ዓይነት። ባትሪ ሊገዙ ለመጡና መንገድ ለሚያልፉ ሰዎች አንዱን ብቻ አሳይቶ፣ ሲያዩት በሐሳባቸው የመጣውን ሁሉ እንዲናገሩ መጠየቅ ነው። “ወደድከው ወይ?” ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ለይሉኝታ ሲባል ሁሉም ወደድኩት ይላል። የተናገሩትን የሚደግፍና የሚቃወም ብሎ መለየት ነው። ሊገዙ በመጡት ዘንድ ጠንካራው ከደካማው ካልበለጠ፣ ወይ ጠንካራ ያልነው ምክንያት ጠንካራ አልነበረም፣ ወይ አንድ ነገር እንዳያስቡ አውኳቸዋል። በአላፊዎቹ ዘንድ ሁለቱ ቢመሳሰሉ ግን አያስደነግጥም፤ ከእነሱ የሚፈለገው ባለሙያውንና ሜትሩን ማስታወሳቸው ነው።

የማስታወቂያ ድርጅቶች የዘፋኙን ውል ከመፈረማቸው በፊት ረቂቃቸውን ይዘው አንድ ጠዋት ሶማሌ ተራ ይውረዱና የሚኒባስ ባለቤቶችን ይጠይቁ። አስመጪዎችም ይህን ያላደረገ ድርጅት ሰሌዳ ሲያቀርብላቸው አይክፈሉ።