«የድርጅቱን መልካም ስም ያጎደፈ»

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ደንብ ውስጥ፣ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጠፋም፦ «የድርጅቱን መልካም ስም የሚያጎድፍ ተግባር የፈጸመ ሠራተኛ በዲሲፕሊን ይቀጣል።» ምን ዓይነት ተግባር፣ የትና መቼ እንደሆነ አትናገርም። መጀመሪያ የጻፋት ሰው በዓይነ ሕሊናው የታየው ምናልባት የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ሰክሮ አደባባይ ላይ የተዘረረ ጥበቃ ይሆናል። ዛሬ ግን ይህችው ዓረፍተ ነገር ሠራተኛው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ የጻፈውን ሁሉ ልትዳኝ ተነሥታለች።

ከጀርባዋ ያለው እምነት በየሥልጠናው የሚደጋገም ነው፦ ሠራተኛ ሃያ አራት ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ አምባሳደር ነው ይባላል። (ማዕረጉን ያገኘ ሠራተኛ ሞልቷል፤ የአምባሳደር አበል ያገኘ ግን አላየሁም።) የዚህ እምነት ስሕተት ጥብቅ መሆኑ አይደለም፤ መለኪያው ነው። ስምን መለኪያ ካደረግን መቀጣት ያለበትን እያለፍን መመስገን ያለበትን እንቀጣለን።

በአንድ የግል ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ እንውሰድ። ምሳሌ ነው እንጂ የማውቃት ሰው የለችም። ማክሰኞ ማታ በፌስቡክ ገጿ ላይ «ዋርዳችን ውስጥ ጓንት ካለቀ ሳምንት ሆነው፤ አለቆቻችን ግን ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ጻፈች። ነገሩ እውነት ነው። ጽሑፉ በአንድ ሌሊት ከገጽ ገጽ ሲዘዋወር አደረ፣ ጠዋት ላይ ሆስፒታሉ ስልክ ማንሣት አቃተው። ስም ጎደፈ? በሚገባ። በሳምንቱ ደግሞ ያችው ነርስ የአንድን ብሔር ስም ጠርታ «የእነሱ ሰው ሲመጣ እጄ መርፌ አያነሣም» ብላ ጻፈች። ይህን ያዩት ጥቂት ጓደኞቿ ብቻ ናቸው፤ ግማሾቹ እንዲያውም አጨበጨቡላት። ማንም አልደወለም፣ የማንም ስም በአደባባይ አልተነሣም። በስም ሚዛን ከሄድን የመጀመሪያው ጽሑፍ ከባድ ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የግል ወሬ። ታካሚው በሚተኛበት አልጋ በኩል ካየነው ግን ነገሩ ይገለበጣል። በመጀመሪያው ጽሑፍ የተጎዳው የሥራ አስኪያጁ ኩራት ነው። በሁለተኛው የተናጋው ሆስፒታሉ ደመወዝ የሚከፍልበት ነገር ራሱ ነው፤ ማለትም ወደ በሩ የመጣ ሁሉ ያለ አድልዎ ይታከማል የሚለው መተማመን።

አንድ ነገር ልጨምርበት። የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ የዋርዱን ፎቶግራፍ አያይዛ ቢሆን፣ በፎቶው ጥግ ደግሞ የተኛ ታካሚ ፊት ቢታይ፣ እኔም ቅጣቱን እደግፋለሁ። የምትቀጣው ግን ስለ ፎቶው እንጂ ስለ ጓንቱ አይደለም። የቅጣት ደብዳቤው ይህንን ለይቶ መጻፍ አለበት። በተግባር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ሰበብ ይሆንና የሚቀጣው ጓንቱ ነው።

እንግዲህ ከሥራ ሰዓት ውጭ የተጻፈ ነገር ለዲሲፕሊን የሚያበቃው ከሥራው ጋር የሚያያዝበት ክር ሲታይ ነው። በሥራ አጋጣሚ የተገኘ ምሥጢር ወጥቶ ሊሆን ይችላል፦ የባንክ ደንበኛ ሂሳብ፣ የታካሚ ምርመራ። አብሮት የሚሠራውን ወይም የሚያገለግለውን ሰው አስፈራርቶ፣ አዋርዶም ሊሆን ይችላል። ወይም እንደ ነርሷ፣ ሥራውን በእኩልነት እንደማይሠራ በራሱ አንደበት ተናግሮ። ክሩ በሌለበት ቦታ የሚቀረው የአለቃ መከፋት ብቻ ነው፤ የአለቃ መከፋት ደግሞ ጥፋት አይደለም።

ክሩን መፈለግ ምን እንደሚመስል በደንብ ያሳየ አንድ ፍርድ ከእንግሊዝ አለ። በማንቸስተር አቅራቢያ የሚገኝ ትራፎርድ የተባለ የቤቶች ድርጅት ውስጥ አንድ ሥራ አስኪያጅ ነበረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011፣ በአንድ እሁድ ቀን፣ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች በቤተ ክርስቲያን ሥነ ሥርዓት መጋባት ሊፈቀድላቸው ነው የሚል ዜና በፌስቡክ ገጹ አጋራና ይህ እኩልነት ልኩን አለፈ የሚል አጭር አስተያየት ጨመረበት። ከሥራ ባልደረባ አትደግፍም ማለት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ሲመጣለት በጨዋ ቋንቋ እምነቱን አብራራ፤ መንግሥት በራሱ በኩል የፈለገውን ይፍቀድ፣ የእምነት ቦታዎችን ግን አያስገድድ አለ። ከጓደኞቹ መካከል 45 ያህሉ የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ፤ ገጹ ላይም የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ መሆኑ ተጽፏል። ድርጅቱ ይህንን ከባድ ጥፋት ነው አለ። ረጅም አገልግሎቱን ቆጥሮለት ባያባርረውም ከሥራ አስኪያጅነት አውርዶ ደመወዙን በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰበት።

ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2012 ያዩት ዳኛ ብሪግስ ስለ ጋብቻ ክርክሩ አልተጠመዱም። የጠየቁት ተራ ጥያቄዎችን ነው። ይህን ያነበበ ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው ድርጅቱ ተናገረ ብሎ ያስባል? አያስብም፤ ሥራው የተጠቀሰው ከሌላው የግል መረጃው ጋር ነው፣ ገጹ ደግሞ ስለ ስፖርት፣ ስለ ምግብና ስለ መኪና የሚወራበት የግል ገጽ ነው። ባልደረቦቹ ላይ በግድ ተጫነባቸው? አልተጫነም፤ ጓደኛ የሆኑት ፈልገው ነው፣ ካልፈለጉም መውጣት ይችላሉ። የተጠቀመበት ቋንቋ ስድብ ነው? አይደለም። ስለዚህ ከደረጃ ማውረዱ ውሉን የጣሰ ነው ተባለ። ያገኘው ካሣ ግን 100 ፓውንድ አልሞላም። የውል ክስ ካሣ የሚሰላው ከማስጠንቀቂያው ጊዜ ላይ ስለሆነ ነው፤ ዳኛውም ፍትሑ ሙሉ አለመሆኑ እንዳላስደሰታቸው በፍርዳቸው ገልጸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢዬ ከሠራተኛው ጎን እንደቆመ እገምታለሁ፤ በአገራችን ያ አስተያየት የብዙኃኑ ስለሆነ። ስለዚህ መለኪያውን የሚፈትነው እሱ አይደለም። ለእኛ ፈተናው የምንጠላው አስተያየት ሲመጣ ነው፦ የእምነታችንን አባት የሚተች፣ የምንወደውን ፓርቲ የሚያብጠለጥል፣ በጦርነቱ ጊዜ ከእኛ ወገን ያልቆመ። እነዚያኑ ጥያቄዎች ለዚያኛውም ሠራተኛ እንጠይቃለን ወይ?

ላይክ ማድረግ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ቱርክ ውስጥ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር በውል የምትሠራ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሌሎች የጻፏቸውን ፖለቲካዊ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ላይክ አደረገች ተብላ ያለ ካሣ ተሰናበተች። የአገሯ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቦታውን ሰላም ያውካል፣ ተማሪና ወላጅ ያስቆጣል በማለት ስንብቱን አጸኑት። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ሐሳብን የመግለጽ መብቷ ተጥሷል ብሎ ወሰነ። ላይክ ማድረግ ጽሑፉን እንደማጋራት አይቆጠርም አለ። ከዚያም የአገሯ ፍርድ ቤቶች ያልጠየቁትን ጠየቀ፦ ስንት ሰው አየው? ይህች ሴት በሥራ ቦታዋ ምን ያህል ትታወቃለች? ከተማሪና ከወላጅስ እውነት ቅሬታ ያቀረበ ነበረ?

ወደ ቤታችን እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቁትን ጥፋቶች ይዘረዝራል። ማርፈድ፣ መቅረት፣ ማጭበርበር፣ ንብረት መመዝበር፣ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሣት አሉበት። የስም መጉደፍ ግን ራሱን ችሎ የለም። ለሌላ ጥፋት በር የከፈተው የዝርዝሩ መጨረሻ ነው፤ እሱም ጥፋቱ በኅብረት ስምምነት እንዲወሰን ይጠይቃል። ኅብረት ስምምነት ማለት ሠራተኛው በማኅበሩ በኩል ተደራድሮ የፈረመው ነው፤ የሰው ኃይል ክፍል ብቻውን አዘጋጅቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ የለጠፈው ደንብ አይደለም። በላዩ ላይ አንቀጽ 26 የፖለቲካ አመለካከትና ሃይማኖት በምንም መልኩ የስንብት ምክንያት እንዳይሆኑ ይከለክላል፤ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብም እንዲሁ። ስለዚህ «ስም አጉድፏል» የሚለው የስንብት ደብዳቤ ከሥሩ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ የተደበቀ የአመለካከት ቅጣት ሆኖ ይገኛል።

አሠሪዎች የሚያነሡት መልስ አላቸው፤ ቀላልም አይደለም። በብሔር ጥላቻ ሰው በሚሞትበት አገር ነርሷን ዝም ልንላት ነው ወይ? አይደለም። ግን በቅደም ተከተል ይሠራ። በቅድሚያ ጽሑፉ የእሷ መሆኑ ይጣራ። በቢሮ በብዛት የሚቀርበው ማስረጃ ስክሪንሾት ነው፤ በማንም ስምና ፎቶ የሐሰት ገጽ መክፈት ደግሞ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስለዚህ የጽሑፉ ሊንክ ይጠየቅ፤ ገጹ የቆየ መሆኑ፣ ባልደረቦቿ ከዚህ በፊት የሚያውቁት መሆኑ ይታይ፤ ጽሑፉም ተቆርጦ ሳይሆን ከላዩና ከታቹ ጋር ይነበብ። የተጻፈው ሌላ ቋንቋ ከሆነ ትርጉሙን ከሳሿ ባልደረባ አትተርጉመው። ከዚያ እሷ ትጠየቅ፤ መልሷም በጽሑፍ ይያዝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜው አይረሳ፦ አሠሪው የስንብቱን ምክንያት ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። «እንይላት» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ነርሷ የደመወዝ ጥያቄ ባነሣች ማግስት የሚወጣ ስክሪንሾት ምን ሊሠራ እንደታሰበ ግልጽ ነው።

ከተረጋገጠ በኋላም ስንብት ብቸኛው ቅጣት አይደለም። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ወንጀል ያደረገው ድርጊት ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ ጥፋተኛ ተብላ ጥፋቱ ለያዘችው ሥራ የማያበቃት ከሆነ የአንቀጽ 27 ዝርዝር ራሱ ያንን ይሸፍነዋል። ከዚያ በታች ለሆነው ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ።

ያችን አሮጌ ዓረፍተ ነገር ማኅበሩና አሠሪው ቁጭ ብለው በዚህ ሊተኳት ይችላሉ፦ «ከሥራ ሰዓት ውጭ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጻፍ ነገር ለዲሲፕሊን የሚያበቃው በሥራ ምክንያት የተገኘ ምሥጢርን ወይም የደንበኛን የግል መረጃ ሲያወጣ፣ ባልደረባን ወይም ተገልጋይን ሲያስፈራራ ወይም ሲያዋርድ፣ ወይም ሠራተኛው ተገልጋይን በእኩልነት እንደማያስተናግድ ሲገልጽ ብቻ ነው፤ ስለ ሥራ ሁኔታ የቀረበ እውነተኛ ቅሬታ በዚህ አይካተትም።» ማኅበር በሌለበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ስምምነት ሊኖር አይችልም፤ ያኔ አሠሪው በስም መጉደፍ የማሰናበት ሥልጣን ሳይኖረው በማስጠንቀቂያ ብቻ ይወሰናል። ይህ ካነሰበት ሠራተኞቹ ማኅበር ሲያቋቁሙ እንቅፋት አይሁንባቸው።