ገጸ ባሕርይ በዛ ወይስ ፍላጎት ጠፋ?

አንድ ተከታታይ ድራማ ሃያኛው ክፍል ላይ መንገዳገድ ሲጀምር ሰበቡ ሁሌም አንድ ነው፤ «ገጸ ባሕርያቱ ስለበዙ ነው» ይባላል። እኔ አልቀበለውም። ችግሩ የሰው ብዛት ሳይሆን ያ ሁሉ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር መሆኑ ነው። ጓደኛዋ የዋናዋን ደስታ ትፈልጋለች፣ አክስቷም እንዲሁ፤ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ በር ላይ ቆማ ወሬ ከመስማት ያለፈ ኑሮ የላትም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ አንድ ሙከራ እናድርግ። በዛብህን ከታሪኩ አውጡት። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል የለም እያሉ ሽማግሌ መመለሳቸውን አያቆሙም። አበጀ በለውም ገበሬውን አስተባብሮ ፊታውራሪን መግጠሙ አይቀርም። ጉዱ ካሳም ከልማዱ ጋር እንደተጣላ ይኖራል። በዛብህ የመጣው ኑሮው ቀድሞ የተጀመረ ቤት ውስጥ ነው።

ፊታውራሪን ልብ በሉ። የሚፈልጉት የዘራቸውና የማዕረጋቸው ክብር እንዳይደፈር ነው። ይህ አንድ ፍላጎት ልጃቸውን ያለ ባል ያስቀራል፣ ከገበሬውም ጋር ያዋጋቸዋል። የፍቅሩና የግብሩ ታሪክ የተሰፋው በአንድ ሰው ፍላጎት ነው። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ደግሞ ልጇ እንዲኖርላት ብቻ ብላ ለእግዚአብሔር ትሳላለች፤ ያ ስለት በኋላ በፍቅሩ መንገድ ላይ ይጋረጣል። እናትየው ክፉ አይደለችም፣ ያንን ፍቅርም አስባ አታውቅም።

ዛሬ ደራሲዎቻችን ሰውን ከሰው የሚለዩት በአነጋገር ነው፤ አንዱ ይንተባተባል፣ ሌላው በየትዕይንቱ አንድ ተረት ይደጋግማል። ይህ መልክ እንጂ ፍላጎት አይደለም። መለያው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የዋናውን ገጸ ባሕርይ ስም ሳትጠሩ «የሚፈልገው ይህን ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መጻፍ ካቃታችሁ ሰውዬው ጆሮ ብቻ ነው። የሁለት ሰዎች ዓረፍተ ነገር አንድ ዓይነት ከሆነም አንዱን አስወጡ። ያቺ ሠራተኛ ታናሽ ወንድሟን ከገጠር አምጥታ ማስተማር ትፈልጋለች እንበል። አሁን የሰማችው ምስጢር ዋጋ አለው፤ ትሸጠዋለች ወይስ ትደብቀዋለች? አሥር ክፍል ጠፍታ ስትመለስም ወንድሟ ወይ መጥቷል ወይ ቀርቷል፤ ካቆመችበት አትጀምርም።

ደብዳቤ አድርሶ ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ለእሱም ከተጨመረ ታሪኩ ያብጣል። ሦስት ጊዜ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ግን የራሱ ጉዳይ ይኑረው። ይህን ሳይሠሩ «ሰው በዛብን» ማለት ሰበብ ነው።