ከላይ የተነሰነሰ ኖይዝ ሁለት ፎቶ አንድ አያደርግም

በፎቶ ቤቶቻችን ከሚሠሩ ቅንብሮች ሁሉ ትልቅ ጥንቃቄ የሚገባው፣ በሰው አገር ያለን ልጅ ከቤተሰቡ መካከል የሚያቆመው ነው። እናትና አባት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አዲስ አበባ ስቱዲዮ ገብተው በፍላሽ ይነሳሉ። ሦስተኛው ልጅ ሪያድ ነው፤ ማታ ቤቱ ውስጥ በስልክ ይነሳና በቴሌግራም ይልካል። ባለሙያው ቆርጦ ያስገባዋል፣ ቀለሙን ያስማማል፣ ጥላውን ያበጃል። ያም ሆኖ የእናትየው ፊት ጥርት ብሎ ሳለ የልጁ ፊት ሻካራና ደብዘዝ ያለ ነው። ይሄኔ ነው ሁሉም የለመደው ዘዴ የሚመጣው፦ ከሁሉም በላይ ግራጫ ሌየር መክፈት፣ በ"Add Noise" ነጠብጣብ መሙላት፣ ሁነታውን "Overlay" አድርጎ «አሁን አንድ ሆነ» ብሎ ማስረከብ።

አንድ አልሆነም። ይህን የምለው ስለማይጥመኝ ሳይሆን ስለሚለካ ነው።

ፎቶሾፕ ውስጥ "Histogram" የሚለውን ሰሌዳ አስፍታችሁ ክፈቱና ምንም ዝርዝር የሌለበት፣ ብርሃኑም እኩል የሆነ ትንሽ ቦታ ምረጡ። ከስቱዲዮው ፎቶ የጀርባውን መጋረጃ፣ ከልጁ ፎቶ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት ከኋላው የነበረውን ግድግዳ መውሰድ ይቻላል፤ ሁለቱ በድምቀት ይቀራረቡ እንጂ። "Std Dev" የሚለው ቁጥር የኖይዙን መጠን ይነግራችኋል። ስቱዲዮው 2፣ ስልኩ 8 አሳየ እንበል። አሁን ያ የጋራ ሌየር በሁለቱም ላይ 6 ጨመረ። ኖይዝ ደግሞ እንደ ገንዘብ በቀጥታ አይደመርም፤ የእያንዳንዱ ስኩዌር ተደምሮ የድምሩ ስኩዌር ሩት ነው የሚወሰደው። ስለዚህ ስቱዲዮው ወደ 6.3፣ ስልኩ ወደ 10 ያድጋል። ልጁ ከቤተሰቡ እንደተለየ ነው፤ ልዩነቱ ቢጠብም አልጠፋም፣ ሁሉም ግን ሻክሯል። በዚህ መንገድ ልዩነቱን ወደ 5 ከመቶ ለማውረድ በሁሉም ላይ 24 ያህል መነስነስ ያስፈልጋል፤ ይህም ከስልኩ ኖይዝ ሦስት እጥፍ ነው። የማንም ፊት ያን ያህል አይችልም።

ትክክለኛው ሥራ ግን ከዚህ ይቀላል። ልጁን አትንኩት። በስቱዲዮው ክፍል ላይ ብቻ 7.7 ያህል ጨምሩ፤ የ2 እና የ7.7 ስኩዌር ተደምሮ ሩቱ ሲወሰድ 8 ይመጣል። መርሁም ይኸው ነው፦ ንጹሑ ወደ ሻካራው ይወርዳል እንጂ ሁለቱም አብረው አይወርዱም።

"Overlay" ራሱ ሌላ ጣጣ አለበት። የዚህ ሁነታ ስሌት በመካከለኛ ድምቀት ላይ ይበረታል፤ ወደ ጥቁርና ወደ ነጭ በተጠጋ ቁጥር እየሞተ ይሄዳል። የስልክ ኖይዝ በተቃራኒው በጣም የሚታየው በጨለማው ክፍል ነው። እናም የአባትየው ጥቁር ኮት እና የልጁ ጥቁር ጃኬት ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ኮቱ ለስልሶ ይቀራል፣ ጃኬቱ በነጠብጣብ ይርመሰመሳል። ቅንብር ተጠርጥሮ ሲመረመር እኔ መጀመሪያ የማየው ጥቁር ልብስን ነው። ግራጫውን ሌየር በ"Linear Light" ብታደርጉት በየድምቀቱ እኩል ይጨምራል፤ ከዚያ በጨለማው፣ በመካከለኛውና በብሩሁ ቦታ ለየብቻ እየለካችሁ በማስክ ታበዙታላችሁ ወይም ትቀንሱታላችሁ።

ቀለሙንም ተመልከቱ። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ቻናል አንድ በአንድ ስትከፍቱ ሰማያዊው ብዙ ጊዜ ከሁሉ የባሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በቢጫ አምፖል ብርሃን ውስጥ ሰማያዊ ጥቂት ነው፤ ካሜራው ነጩን ነጭ ለማድረግ ያንን ጥቂት ሲያጎላው ኖይዙንም አብሮ ያጎላዋል። "Monochromatic" የሚለውን ምልክት አድርጎ ሦስቱንም ቻናል በአንድ ዓይነት ነጠብጣብ መሙላት ይህን ልዩነት ይደመስሳል። ምልክቱን አንሱና በየቻናሉ ጨምሩ።

ቁጥሩ ገጥሞም ዓይን እምቢ ሊል ይችላል። ይህ የሚሆነው ቅንጣቱ በመጠን ስለማይመሳሰል ነው። "Add Noise" የሚሰጠው ነጠብጣብ የአንድ ፒክሰል ስፋት አለው። የልጁ ፎቶ ግን እጥፍ ተለጥጦ ገብቷል፣ ስልኩ በራሱ ማለስለሻ አጥቦታል፣ ቴሌግራም ደግሞ ጨምቆታል፤ ስለዚህ ቅንጣቱ ተጣብቆ ሰፋ ያለ እብጥብጥ ሆኗል። የጨመራችሁትን ኖይዝ በ"Gaussian Blur" ከ0.7 እስከ 1 ፒክሰል አደብዝዙት። ሲደበዝዝ ቁጥሩ ይወርዳል፤ እንደገና 8 እስኪደርስ መጠኑን ከፍ አድርጉና በ200 ከመቶ አጉልታችሁ ጎን ለጎን እዩት። ልክ የሚወሰደው የፎቶው መጠን ከተስተካከለ በኋላ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው፤ አንድ ፎቶ በግማሽ ሲያንስ አራት ፒክሰል ወደ አንድ ስለሚገባ ኖይዙ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ቀድሞ የተለካው ቁጥርም ዋጋ ያጣል።

ጥራት የሚባለውን ነገር ብዙዎች ከኖይዝ በኋላ ይነኩታል፤ መቅደም ነበረበት። የሸሚዝ ኮሌታ ጠርዝ ላይ አጉልታችሁ ቁጠሩ፦ ከጨለማ ወደ ብርሃን ለመሻገር የአባትየው 2 ፒክሰል ሲፈጅ የልጁ 5 ይፈጃል። የተለመደው መልስ ልጁን ሻርፕ ማድረግ ነው። ሻርፕ የጠፋ ዝርዝር አይመልስም፤ የጠርዙን ልዩነት ብቻ ያጋንናል። ስልኩ ቀድሞ ያንኑ ስላደረገ አሁን አንገቱ ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣል፣ ኖይዙም አብሮ ይጎላል። እዚህም ጠንካራው ወደ ደካማው መውረድ አለበት፤ ግን በልክ። ለአንድ ልጅ ሲባል የእናትን ሽፋሽፍት ማጥፋት ትክክል አይደለም። እኔ የምመርጠው የቅንብሩን መጠን መቀነስ ነው። የልጁ ፊት በፋይሉ ውስጥ 300 ፒክሰል ቁመት ካለው፣ የሌሎቹም ፊት ወደዚያ ይውረድ፤ በ300 ዲፒአይ ሲታተም ፊቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ለቤተሰብ ፎቶም ይበቃል። ልጁ ከኋላ ረድፍ ይቁም፤ ከኋላ ያለ ሰው ትንሽ መደብዘዙን ሌንስም ያደርገዋል። የቀረውን ክፍተት የስቱዲዮውን ክፍል ግማሽ ፒክሰል ያህል በማደብዘዝ መዝጋት ይቻላል። ማደብዘዝ ኖይዝንም ስለሚያጠፋ ነው ኖይዙ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው።

«ደንበኛው በስልክ ነው የሚያየው» የሚሉኝ አሉ። በስልክ ስክሪን ላይ ፎቶው ስለሚያንስ ኖይዙ እርስ በርሱ ተጣፍቶ አይታይም፤ እውነት ነው። ግን ይህ ፎቶ ለስልክ አልተሠራም፤ ተለጥጦ፣ ፍሬም ገብቶ ሳሎን ይሰቀላል። «ታዲያ ሁሉንም ኖይዝ እናጥፋው» የሚሉትም አሉ። ማጽጃው የቆዳውን ቀዳዳዎች ከኖይዙ አይለይም፤ የልጁን ፊት ሰም ያስመስለዋል፣ የእናቱ ቆዳ ግን ቆዳ እንደሆነ ይቀራል። ያኔ ልዩነቱ ከበፊቱ ይብሳል።

ከዚህ ሁሉ ድካም ግማሹ የሚቀረው ሥራው ሳይጀመር ነው። ትእዛዝ የሚቀበለው ሰው ለቤተሰቡ ሊነግራቸው የሚገባ ነገር አለ፦ ልጃችሁ በቀን፣ መስኮት አጠገብ ይነሳ፤ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን "File" ብሎ ይላክ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ያንሳል፣ ይጨመቃል። የማታው ፎቶ ብቻ ካለ ደግሞ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት እስከ ምን መጠን መታተም እንደሚችል ይንገራቸው።